የቤት ኤንኤኤስን ከውጭ ለመክፈት፦ ኩዊክኮኔክት፣ ቴይልስኬል ወይስ ዋየርጋርድ?

ኤንኤኤስ (የቤት ፋይል ማከማቻ) የገዛ ሰው ከውጭ ሆኖ ልክፈተው ሲል መጀመሪያ የሚያገኘው ምክር «ራውተርህ ላይ ፖርት ክፈት» የሚል ነው። ይህን መንገድ ሆን ብዬ ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ማከማቻዎችን ፋይል ቆልፎ፣ በመግቢያ ገጹ ቦታ ላይ የ0.03 ቢትኮይን ጥያቄ አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ጥቃት በሶፍትዌር ክፍተት ስለሚገባ የይለፍ ቃል ጥንካሬ ብቻውን አያስቆመውም። ገጹ ከውጭ ጭራሽ መታየት የለበትም።

አንድ ሁኔታ ይዘን እናወዳድር። የሲኖሎጂ ማከማቻ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ አለ፤ የሚያስተዳድረው ወንድም ነው፤ ሜሪላንድ ያለችው እህት ፎቶ ብቻ ማየት ትፈልጋለች።

ለማዋቀር ቀላሉ የሲኖሎጂ የራሱ ኩዊክኮኔክት ነው። ፖርት አይከፈትም፤ ማከማቻው ራሱ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ እህትም በመለያ ስሙ ትገባለች። ነገር ግን መለያ ስሙን ያወቀ ማንም ሰው የመግቢያ ገጹ ይመጣለታል፤ ስለዚህ በነባሩ ቅንብር የመቆጣጠሪያ ገጹ አልተደበቀም። ይህን ከመረጣችሁ በኩዊክኮኔክት Advanced Settings ውስጥ ካሉት ፈቃዶች የDSMን፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ ገጹን፣ ምልክት አንሱና የሚያስፈልገውን አገልግሎት ብቻ ተዉ። ግንኙነቱ በኩባንያው ሰርቨር በኩል ሲያልፍ እንደሚቀዘቅዝም ጠብቁ።

እኔ ለአብዛኛው ቤት የምመክረው መሣሪያዎቻችሁን በአንድ የግል መረብ የሚያገናኘውን ቴይልስኬልን ነው። ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው፣ ከሲኖሎጂ Package Center ይጫናል፣ የበይነመረብ አቅራቢው አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ በሚያካፍልበት መስመር ላይም ይሠራል። ማከማቻው በ100 የሚጀምር የግል አድራሻ ያገኛል፤ ወደዚያ አድራሻ የሚደርሱት የተፈቀደላቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። እህትን ወደ መረቡ ስትጋብዟት በነባሩ ደንብ ወደ መቆጣጠሪያ ገጹም መድረስ ትችላለች፤ ስልኳ ከተሰረቀ ያ መንገድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በማከማቻው Login Portal ውስጥ ለፎቶ መተግበሪያው የራሱን ፖርት ስጡት፣ ለምሳሌ 5443። ከዚያ በቴይልስኬል ሁሉን የሚፈቅደውን ነባር ደንብ አጥፉና ይህን ተኩበት፤ ኢሜሎቹንና አድራሻውን በራሳችሁ ቀይሩ፦

```
"acls": [
  {"action": "accept",
   "src": ["owner@example.com"],
   "dst": ["*:*"]},
  {"action": "accept",
   "src": ["sister@example.com"],
   "dst": ["100.101.102.103:5443"]}
],
```

አሁን እህት ፎቶውን ታያለች፣ 5001 ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግን አይከፈትላትም። ሌላው ጉዳይ የቁልፍ ማብቂያ ነው፦ መሣሪያዎች በነባሩ በየ180 ቀኑ እንደገና መግባት አለባቸው፤ ማከማቻው ላይ ይህ ሲደርስ ከውጭ ድንገት ይጠፋል። ለማከማቻው ብቻ Disable key expiry የሚለውን ምረጡ። ወደ ቴይልስኬል የምትገቡበት የጉግል ወይም የማይክሮሶፍት አካውንትም የቤታችሁ ቁልፍ ስለሆነ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው። ፍጥነቱ ካላስደሰታችሁ ኮምፒውተር ላይ `tailscale status` ጻፉ፤ ከማከማቻው ጎን relay የሚል ካለ ቀጥታ መንገድ አልተገኘም ማለት ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን ራውተር ላይ መትከል ነው። መካከል የሚገባ ኩባንያ የለም፤ የሚከፈተው አንድ የዩዲፒ ፖርት (በተለምዶ 51820) ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ ስለማይሰጥ በፍለጋ አይገኝም። ለዚህ ግን ከውጭ የሚደረስበት የራሳችሁ አድራሻ ያስፈልጋል። ራውተሩ ላይ የሚታየውን የWAN አድራሻ «የእኔ አይፒ» ከሚል ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ፤ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አድራሻው የጋራ ነውና ይህን መንገድ ተዉት። አድራሻችሁ የራሳችሁ ከሆነና ራውተር ልትገዙ ከሆነ ዋየርጋርድ አብሮት የሚመጣውን ፈልጉ፤ ራውተርኦኤስ 7 ያለው ሚክሮቲክ እና ጂኤል.አይኔት ይህን ይዘዋል።

የክላውድፍሌር ታነልን የሚመክሩም አሉ። ያለ ተጨማሪ የአክሰስ ማረጋገጫ ገጹን መልሶ ለሕዝብ ያወጣዋል፤ በነፃው ዕቅድ በአንድ ጥያቄ ከ100 ሜጋባይት በላይ መላክም አይፈቅድም። ለፎቶና ቪዲዮ ማከማቻ አይመቸኝም።

የትኛውም መንገድ የቤቱን የመጫኛ ፍጥነት አይበልጥም። መስመራችሁ 10 ሜጋቢት የሚጭን ከሆነ 4 ጊጋባይት ቪዲዮ እህት ጋር ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ራውተሩ ላይ የቆዩ የፖርት ቅንብሮችን ሰርዙ፣ ማከማቻው ራሱ ፖርት እንዳይከፍት UPnPን አጥፉ። ከዚያ የስልኩን ዋይፋይም ቴይልስኬልንም አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ የቤቱን የውጭ አድራሻ ከ`:5001` ጋር ክፈቱ። ገጹ ቆይቶ «ጊዜው አልፏል» ካለ ተዘግቷል፤ የመግቢያ ገጹ ከመጣ ግን አንድ ቦታ ላይ ፖርት ክፍት ቀርቷል።