ሌሊት የሚዋጥ ክኒን ወይስ የ24 ሰዓት ሽንት? የኮርቲሶል ምርመራ ንጽጽር

በላብራቶሪ ሥራ ላይ ስለምገኝ ሐኪም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞናቸው በዝቶ እንደሆነ የጠረጠራቸው ወዳጆች የቱን ምርመራ ቢያስቀድሙ እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ለብዙ ሰው የምመርጠው ኮርቲሶልን የሚመስል ሰው ሠራሽ መድኃኒት የሆነው ዴክሳሜታሶን አንድ ሚሊግራም ሌሊት ተውጦ ጠዋት ደም የሚሰጥበትን ነው፤ ይህን የምለው ግን ታናሽ እህቴ በዚሁ ምርመራ ምክንያት ገንዘቧን በከንቱ ካፈሰሰች በኋላ ነው።

የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ዋጋው ነው። የክኒኑ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ደሙም የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሽንቱ ምርመራ ግን አንዱ ቀን ከሌላው ስለሚለያይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ሁለት ጊዜም ይከፈልበታል። የመጀመሪያውን ቀን የጠዋት ሽንት ደፍቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እስከ ማግስቱ የጠዋት ሽንት ድረስ በጀሪካን ማጠራቀምም ለሠራተኛ ሰው ቀላል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተረስቶ ከፈሰሰ ውጤቱ ያንሳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ኮርቲሶሉ በዝቶ እያለ በሽንቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ክኒኑ የሚሠራው በአንጎል ሥር ያለውን የፒቱታሪ ዕጢ በማታለል ነው። ዕጢው በደም ውስጥ በቂ ኮርቲሶል ያለ መስሎት ኮርቲሶል እንዲመረት ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል፤ በጤነኛ ሰው የጠዋቱ ኮርቲሶል ከ1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ይወርዳል። በውጤት ወረቀቱ ላይ የታተመው መደበኛ መጠን ክኒን ላልወሰደ ሰው የወጣ ስለሆነ እዚህ አይሠራም። ይህ የ1.8 ወሰን ሕመምተኛ እንዳያመልጥ ተብሎ ዝቅ የተደረገ በመሆኑ፣ ከመቶ ጤነኛ ተመርማሪዎች ወደ ሃያ የሚጠጉት ኮርቲሶል የሚያበዛው ሕመም ሳይኖርባቸው ከወሰኑ በላይ ሊገኙ ይችላሉ።

እህቴ ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ ውጤቷ 6.2 ሆነ። ያዘዘላት ክሊኒክ ምርመራውን ሳይደግም ኮርቲሶል የሚያመርተውን የአድሬናል ዕጢ ሲቲ ስካን አስነሣት፤ የሲቲው ክፍያ የደም ምርመራውን ብዙ እጥፍ ሲሆን የተገኘ ነገር ግን አልነበረም። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒን ትውጥ ነበር። ኮርቲሶል በደም ውስጥ የሚጓዘው በአብዛኛው በፕሮቲን ተጣብቆ ነው፤ የሚዋጥ ኢስትሮጅን ጉበት ይህን ፕሮቲን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። መሣሪያችን የተጣበቀውንም ነጻውንም ደምሮ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ነጻው ኮርቲሶል ግን አልጨመረም። ክኒኑን አቁማ ሉፕ ካስገባች ከስድስት ሳምንት በኋላ ምርመራው ሲደገም 1.1 ወጣ። ክኒኑን ማቆም ለማትፈልግ ሴት ሽንቱ ይሻላል፤ የሚለካው ነጻውን ብቻ ነውና።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ዴክሳሜታሶኑን ከደም ቶሎ የሚያጠፉ መድኃኒቶች ናቸው። በእኛ አገር ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የቲቢው ሪፋምፒሲን ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፊኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፊኖባርቢታልም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጉበት ክኒኑን ፈጥኖ ስለሚያስወግደው ዕጢው ሳይታለል ያድራል፣ ኮርቲሶሉም አይወርድም። ዴክሳሜታሶንን ራሱን በደም መለካት የሚቻልበት ቦታ ከተገኘ ይህ ወዲያው ይታወቃል። ከባድ ድብርት፣ የመጠጥ ሱስ፣ ያልተስተካከለ ስኳርና የሌሊት ፈረቃ ሥራም ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ።

በሰዓት የተነሣ ስሕተትም አይቻለሁ። ክኒኑ የሚዋጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ደሙ የሚሰጠው ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው። አንድ ታካሚ በፈረንጅ ሰዓት «11» ተብሎ የተጻፈለትን ወረቀት ይዞ ሄደና ንጋት 11 ሰዓት ላይ ውጦ ጠዋት 2 ሰዓት መጣ፤ ሦስት ሰዓት ብቻ አልፎት ስለነበር ውጤቱ ሊወርድ አልቻለም፣ ክፍያውም ድጋሚ ሆነ። ግማሽ ሚሊግራም የሆነውን ክኒን አንድ ብቻ የዋጠም አጋጥሞኛል፤ መዋጥ የነበረበት ሁለት ነው።

ሰሞኑን የጠየቀኝ ጓደኛዬ የቲቢ ሕክምናውን ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ለምርመራ ሲል ሪፋምፒሲኑን ፈጽሞ እንዳያቋርጥ ነግሬው፣ ሐኪሙ መቆየት ይቻላል ካለ ሕክምናውን ጨርሶ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ክኒኑን እንዲሞክር፣ አይቻልም ካለ ግን ሁለት ጊዜ ሽንት እንዲያጠራቅም መከርሁት። ሁለት ጀሪካን ገዝቷል።