ስታቢላይዘር፣ ካፓሲተር ወይስ ፓወር ቦርድ? በራሱ ለሚጠፋ ቴሌቪዥን የቱን ልግዛ?

አዳማ ውስጥ ቴሌቪዥኑ በራሱ መጥፋት ሲጀምርበት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ስታቢላይዘር ለመግዛት ነው። ወደ ጥገና ቤቴ በባጃጅ ተጭነው ከሚመጡት ቴሌቪዥኖች መካከል ባለቤታቸው ስታቢላይዘር ገዝቶ ያልዳኑለት ጥቂት አይደሉም። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ በሽታ የተሠራ መድኃኒት ስለሆነ ነው። የቱን መግዛት እንዳለብዎት የሚነግርዎ ቴሌቪዥኑ የሚጠፋበት ሰዓት ነው፦ ሲበርድ፣ ሲሞቅ ወይስ ሰዓት ቆጥሮ?

ሰዓት ቆጥሮ የሚጠፋ ከሆነ ምንም አይግዙ። ምልክቱ ቀላል ነው። ከጠፋ በኋላ ቀዩ መብራት ሳይርገበገብ በርቶ ይቆያል፣ ሪሞቱን ሲጫኑም ወዲያው ይነሳል። ሜኑ ውስጥ ገብተው Sleep Timer፣ Off Timer እና Auto Power Off የሚሉትን ያጥፉ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ሪሞቱ ለ4 ሰዓት ካልተነካ ሰው የለም ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሪሲቨሩ በ HDMI ገመድ ከተያያዘም እሱ ሲጠፋ ቴሌቪዥኑን አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ገመዱን ነቅለው አንድ ምሽት በሌላ መንገድ ይዩበት፤ ካልጠፋ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም።

ሲበርድ የሚያስቸግር፦ ካፓሲተር

አንዲት የሰፈሬ እናት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ይዘው መጡ። ስታቢላይዘሩንም አብረው ይዘውታል። «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያስቸግረኝ። ስሙን ያሳይና ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ሲሞቅ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ ምርመራውን እርስዎ ጨርሰውታል» አልኳቸው።

ከሶኬት የመጣውን መብራት ለቴሌቪዥኑ ወደሚስማማ ቮልት የሚቀይረው ፓወር ቦርድ ላይ ያሉት ትናንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል። የደከመ ካፓሲተር ሲበርድ ይብስበታል፣ ሲሞቅ ግን ትንሽ ይሻሻላል። ጠዋት አምስት ጊዜ ወድቆ የሚነሳው ራሱን እያሞቀ ስለሆነ ነው።

ከፍቼ ስለካ የ12 ቮልቱ መስመር የስክሪኑ መብራት ሊበራ ሲል ወደ 9 ይወርዳል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ቮልቱም ይመለሳል። መስመሩ ላይ ሁለት 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተሮች አሉ። የአንዱ አናት አብጧል። ሌላው ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ነቅዬ ስለካው ግን እሱም ደክሟል። ስለዚህ «ያላበጠው ይቅር» የሚልዎትን ባለሙያ አይስሙ። ሁለቱንም በ1000 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ቀየርኳቸው፤ መስመሩ 12 ላይ ረግቶ ቀረ። ካፓሲተር ተቀይሮም ቮልቱ መውደቁን ቢቀጥል ኖሮ፣ ስዕሉንና ድምፁን የሚያቀናብረው ሜይን ቦርድ ወይም የስክሪኑ መብራት ከልክ በላይ እየሳበ እንደሆነ እጠረጥር ነበር።

ሲገዙ ማይክሮፋራዱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን እንጂ ዝቅ አይበል። ከፍ ያለው ወፈርና ረዘም ስለሚል በቀጭን ቴሌቪዥን ውስጥ መግባቱን አስቀድመው ይለኩ። ጎኑ ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል፤ 105ቱን ይውሰዱ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ የ20 ዲግሪ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ካፓሲተር ግን በነፃ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ። ቤት ውስጥ ልሞክረው ለሚል ደግሞ፦ ትልቁ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በቴስተር ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጡ እጅ አይስደዱ።

ሲሞቅ የሚጠፋ፦ መጀመሪያ ማራገቢያ፣ ከዚያ ቦርድ

የዚህ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጠዋት ደህና ሠርቶ ከሰዓት በኋላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት አርፎ ይመለሳል። ቢፌ ውስጥ ተሸጉጦ የተቀመጠና ጀርባው የአዳማ አቧራ የጠጣ ቴሌቪዥን ሲሆን ይብሳል። ማራገቢያ ከጀርባው አቁመው ሰዓት ይያዙ። ያለ ማራገቢያ በ40 ደቂቃ ይጠፋ የነበረው በማራገቢያ ሦስት ሰዓት ከቆየ ጉዳዩ ሙቀት ነው። አቧራውን ያስጠርጉ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት። ይህ ካልበቃ ትራንስፎርመሩ አካባቢ የተሰነጠቀ ብየዳ ሊኖር ስለሚችል ቦርድ ከመግዛትዎ በፊት ብየዳው ይታደስ።

ቦርድ መግዛት የሚያዋጣው የተቃጠለ ወይም ከአንድ በላይ ጊዜ ተጠግኖ የተመለሰ ሲሆን ነው። ሁለት ምርጫ አለ። ስክሪኑ ከተሰበረ ቴሌቪዥን የወጣ ኦሪጅናል ቦርድ፣ ቁጥሩ (ለምሳሌ BN44 ወይም EAY ብሎ የሚጀምረው) ከእርስዎው ጋር አንድ ከሆነ የተሻለው ነው። ሆኖም ዕድሜውም እኩያ ስለሆነ ካፓሲተሮቹን ማስቀየር አይርሱ፤ ገንዘቡንም ቴሌቪዥንዎ ላይ ተሞክሮ ሳያዩ አይክፈሉ። ዩኒቨርሳል የሚባለውን እኔ የምገጥመው ሌላ ሲጠፋ ብቻ ነው። የሚያወጣው ቮልት በትክክል ካልተስተካከለ ሜይን ቦርዱን ይዞት ይሄዳል፤ ያኔ የትንሹ ወጪ ትልቁን ይወልዳል። በብዙ ርካሽ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ፓወሩና ሜይኑ አንድ ቦርድ ላይ ስለሆኑ ለብቻው የሚገዛ ፓወር ቦርድ የለም።

ስታቢላይዘሩስ?

የቴሌቪዥኑን ጀርባ ያንብቡ። 100-240V የሚል ከሆነ፣ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ወደ 170 ቢወርድም ጤነኛ ቴሌቪዥን አይሰማውም። ምጣድ በተጣደ ቁጥር ወይም ፍሪጅ በተነሳ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የውስጡ ካፓሲተር ደክሟል ማለት ነው። ስታቢላይዘር «ቀጭ» ብሎ ሲቀይር ለቅጽበት ስለሚያቋርጥ እንዲህ ያለውን ደካማ ቴሌቪዥን ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። 220-240V ብቻ የሚል ከሆነ ግን ስታቢላይዘር ይግዙለት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ብቻ ካሳሰበዎት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀው የፍሪጅ መከላከያ ይበቃል፤ ዋጋውም ያንሳል።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብር አልጠቅስም፤ ቅደም ተከተሉ ግን እምብዛም አይቀየርም። ካፓሲተር ከነእጅ ዋጋው ትንሹ ነው፣ ያገለገለ ቦርድ ይከተላል፣ ስታቢላይዘርም ብዙ ጊዜ ከካፓሲተር ጥገና ይበልጣል። ድምፅ እያለ ስዕሉ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከእነዚህ ሳይሆን ከስክሪኑ መብራት ነው።

እትዬ ቴሌቪዥናቸውን ሲወስዱ «ይሄን ስታቢላይዘር እንግዲህ ለፍሪጄ ላድርገው?» አሉኝ። ጎኑን አየሁት፤ 500 ቪኤ ይላል። ለቴሌቪዥን ይተርፋል፣ ፍሪጅ ሲነሳ ለሚስበው ግን አይበቃም። «ይቅርብዎት እትዬ፣ ለሱቁ ይመልሱት» አልኳቸው። ካርቶኑን ግን ጥለውት ነበር።