ሞተር ሳይክል፣ ያገለገለ ትንሽ መኪና ወይስ ሚኒባስ፦ በተጨናነቀ ከተማ ለዕለታዊ የሥራ ጉዞ

በተጨናነቀ ከተማ ለሥራ ጉዞ መጓጓዣ ሲመረጥ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ በደህናው ቀን ላይ ይሠራል፤ ሰውን ከሥራ የሚያስረፍደው ግን መንገዱ የተዘጋበት ቀን ነው። ስለዚህ ሦስቱን አማራጮች መጨናነቁ በእያንዳንዳቸው ላይ በሚያደርሰው ጫና መመዘን ይሻላል።

ቤቱ ከሥራ ቦታው 12 ኪሎ ሜትር የሚርቅና በወር 22 ቀን የሚሠራ ሰው እንውሰድ። በወር 528 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። መኪኖች በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚንፏቀቁበት መንገድ ጉዞው 48 ደቂቃ ይፈጃል፤ ፍጥነቱ ወደ 10 ሲወርድ ደግሞ 72 ደቂቃ ይሆናል፣ የማቆሚያ ቦታ ፍለጋው ሳይቆጠር። በመኪኖች መካከል ማለፍ በሕግ በተፈቀደበት ከተማ ሞተር ሳይክል በደህናው ቀን በሰዓት 25፣ በመጥፎው ቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 29 ወይም 36 ደቂቃ ይወስድበታል። የሞተር ሳይክል ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ሳይሆን ይህ የሁለቱ ቀናት ልዩነት ጠባብ መሆኑ ነው፤ በመካከል ማለፍ በተከለከለበት ቦታ ግን ጥቅሙ አብዛኛው ይጠፋል።

ሚኒባስ የተለየ መስመር ካልተሰጠው በዚያው መንገድ ላይ ስለሚንፏቀቅ ከመኪና አይቀድምም። ጊዜው የሚወሰነው በጥበቃው ነው፦ ከመነሻው የሚሳፈር ሰው መቀመጫ ያገኛል፣ ከመሃል የሚጠብቅ ግን ሞልተው የሚያልፉትን ይቆጥራል። ከመወሰን በፊት ለአንድ ሳምንት የጥበቃውንና የጉዞውን ደቂቃ ለየብቻ መመዝገብ ይበቃል። በአንድ ሚኒባስ የሚያደርስ መስመር ኖሮ ጥበቃው ከ15 ደቂቃ ካልዘለለ፣ በእኔ አስተያየት ምንም መግዛት አያስፈልግም።

ያገለገለ ትንሽ መኪና ከሦስቱ ምቹውና ከዝናብ የሚጠብቀው ቢሆንም መጨናነቅ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እርሱን ነው። በክፍት መንገድ ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚበቃው መኪና በመቆምና በመነሣት 10 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ ይህም ለምሳሌያችን ሰው በወር 53 ሊትር ያህል ነው፣ ለትንሽ ሞተር ሳይክል ግን 13 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። የወሩ የሚኒባስ ሂሳብ ከ53 ሊትር ነዳጅ ዋጋ የሚያንስ ከሆነ፣ የግዢው፣ የጥገናውና የኢንሹራንሱ ወጪ ገና ሳይነሣ መኪናው በወጪ ተበልጧል።

በግዢው ጊዜ ብዙ ሰው የሚታለለው በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። በሰዓት በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ 60,000 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበ የከተማ መኪና ሞተሩ 4,000 ሰዓት ሠርቷል፤ ያንኑ ርቀት በ80 አማካይ ፍጥነት የሸፈነው ግን 750 ሰዓት ብቻ ነው። ቆጣሪው ትንሽ ስላሳየ መኪናው አልደከመም ማለት አይቻልም።

የቆመ መኪና ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዝ የመንገድ ነፋስ ስለማያገኝ ሙቀቱን የሚያወርድለት ቬንትሌተሩ ነው። ስለሆነም ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው መጠየቅ፣ ከዚያም የመኪናውን አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራት ያስፈልጋል። የሙቀት መለኪያው በመሃል ረግቶ ከቆየ ጥሩ ነው፤ ቆሞ ሳለ እየወጣ ሲነዳ የሚወርድ ከሆነ ግን ቬንትሌተሩ ወይም ራዲያተሩ ችግር አለበት። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ በዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

የሞተር ሳይክል ዋጋ የሚከፈለው በአካል ነው፤ ለተመሳሳይ ርቀት የመሞት አደጋው ከመኪና ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጥናቶች ድምር ግምገማ እንዳሳየው የራስ ቁር አደጋ በደረሰባቸው የሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች ላይ የሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል፤ አንገት ሥር በደንብ ያልታሰረ ግን ከግጭቱ ቀድሞ ሊወልቅ ይችላል። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን ያለውን መምረጥ፣ ለሞተር ሳይክሉ ማስዋቢያ ከሚወጣ ገንዘብ ይልቅ ዋጋው የሚያዋጣ ነው።

ለምሳሌያችን ሰው ሁለት ሚኒባስ መቀየር ግድ ከሆነበትና በአግባቡ ከሠለጠነ ሞተር ሳይክሉን እመርጥለታለሁ፤ መኪናው የሚያዋጣው ልጆችን ወይም ሌላ ሠራተኛ አብሮ የሚያደርስ ሲሆን ነው። ሞተር ሳይክል የገዛም ቢሆን፣ በተለይ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ መንገዱን ስለሚያንሸራትት፣ ለእንደዚያ ያሉ ቀናት የሚኒባስ ሂሳብ በወር በጀቱ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።