አይድራክ፣ አይሎ ወይስ ሱፐርማይክሮ? ሰርቨር ከመግዛትዎ በፊት ቢኤምሲውን ያነጻጽሩ

ሦስት ሰርቨሮች ቀርበውልዎታል እንበል፤ አንዱ የዴል፣ አንዱ የኤችፒኢ፣ አንዱ የሱፐርማይክሮ። ፕሮሰሰራቸውም ሜሞሪያቸውም ተቀራራቢ ነው። እኔ ብሆን ቀጥዬ የምመረምረው ቢኤምሲውን ነው። ቢኤምሲ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ የኤሌክትሪክ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ እሱ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ስክሪኑን ያሳያል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ ያስጭናል። ዴል የራሱን አይድራክ፣ ኤችፒኢ ደግሞ አይሎ ብለው ይጠሩታል። ከወዲሁ ፍርዴን ልናገር፤ በሦስቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የስም ሳይሆን የትውልድ ነው።

የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ ሲወጣ

የዴል አሮጌ ሰርቨሮች ሁሉም የሚከፈቱት በአንድ ቁልፍ ነበር፤ የተጠቃሚ ስም `root`፣ የይለፍ ቃል `calvin`። አይድራክ 9 ይዞ ከመጣው 14ኛው ትውልድ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የተለያየ የይለፍ ቃል ተሰጥቶ፣ ከፊት በሚሳበው የመረጃ መለያ ላይ ታትሞ ይመጣል። ነገር ግን ገዢው ሲያዝ የድሮውን `calvin` መምረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ አዲስ መሆኑ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፣ በትዕዛዙ ላይ የተመረጠውን ይጠይቁ።

ሱፐርማይክሮም እንዲሁ `ADMIN` በ`ADMIN` የሚከፈቱ ቦርዶችን ለዓመታት ሸጧል። ለእያንዳንዱ ቦርድ የተለየ የይለፍ ቃል መስጠት የጀመረው የካሊፎርኒያ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2020 (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከዚያ በፊት የተመረተ ቦርድ ዛሬም በሁለተኛ እጅ ገበያ ይገኛል።

በዚህ በኩል ቀዳሚው ኤችፒኢ ነው። `Administrator` ለሚባለው ተጠቃሚ በዘፈቀደ የወጣ ባለ 8 ቁምፊ የይለፍ ቃል በመለያው ላይ አትሞ መላክ የጀመረው ከሌሎቹ ቀድሞ ነው። ያገለገለ ሰርቨር ከገዙ ግን ያንን ወረቀት የቀድሞው ባለቤት፣ ሻጩና በመጋዘኑ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። በሦስቱም ላይ የታተመው የይለፍ ቃል የመጀመሪያው ቀን መግቢያ ብቻ ነው።

ፖርት 623

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁሉም ቢኤምሲዎች በድረ ገጽ ይከፈታሉ፤ ያ ፖርት 443 ነው። ከእሱ ሌላ አይፒኤምአይ የሚባለው የቆየ ፕሮቶኮል በዩዲፒ ፖርት 623 ይሠራል። የአይፒኤምአይ 2.0 ችግር የአንድ አምራች ስሕተት አይደለም፣ የፕሮቶኮሉ አሠራር ራሱ ነው። አንድ ሰው የተጠቃሚ ስም ብቻ ልኮ ለመግባት ሲጠይቅ፣ ቢኤምሲው የጠያቂውን ማንነት ሳያረጋግጥ ከይለፍ ቃሉ የተሰላ ሃሽ ይመልስለታል። ጠያቂው ሃሹን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ወስዶ ማንም ሳያየው የይለፍ ቃሉን መገመት ይችላል። መለያ ቁጥሩ CVE-2013-4786 ነው፤ ፕሮቶኮሉ እስካለ ድረስ በፈርምዌር ዝማኔ አይጠገንም።

በቁጥር እንየው። ያገለገለ አይሎ 4 ገዙ፣ የታተመውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ አስነሡት። ስሙ `Administrator` እንደሆነ የታወቀ ነው። የይለፍ ቃሉ ከ26 ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ከ10 አኃዞች የተውጣጡ 8 ቁምፊዎች ናቸው እንበል፤ ያ 36 በራሱ 8 ጊዜ ሲባዛ ወደ 2.8 ትሪሊዮን አማራጭ ይሆናል። በሰከንድ 1 ቢሊዮን ግምት መሞከር ለአንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ከባድ አይደለም። አማራጮቹ በሙሉ በ47 ደቂቃ ያልቃሉ። በዘፈቀደ የወጣው የይለፍ ቃል ከ`calvin` የሚሻለው በዚህች ሰዓት ባልሞላች ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው።

ንጽጽሩ የሚለያየው እዚህ ነው። በአይድራክ 9 እና በአይሎ 5 አይፒኤምአይ በኔትወርክ በኩል ከፋብሪካ ሲወጣ ዝግ ነው። በአይሎ 4 እና በብዙ የሱፐርማይክሮ ቦርዶች ክፍት ሆኖ ይመጣል። ሻጩ የሙከራ መግቢያ ከሰጠዎት ወይም ዕቃው እጅዎ ከገባ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ይህንን ያስኪዱ፤ አድራሻውን በራስዎ ይተኩ፦

```
sudo nmap -sU -p 623 --script ipmi-version 10.0.0.5
```

መልሱ `open|filtered` ብቻ ከሆነ ገና አልታወቀም፤ ዩዲፒ ዝም ሲል ክፍት ይሁን የታገደ አይለይም። የአይፒኤምአይ ስሪት ከታተመ ግን ክፍት ነው። በዴል ላይ ተከፍቶ ካገኙት እንዲህ ይዘጋል፦

```
racadm set iDRAC.IPMILan.Enable 0
```

የግድ ክፍት መቆየት ካለበት የይለፍ ቃሉን ፕሮቶኮሉ እስከሚፈቅደው 20 ቁምፊ ድረስ በዘፈቀደ ያስረዝሙት።

ሱፐርማይክሮ ላይ ሌላ ነገር አለ። ለቢኤምሲው ብቻ የተለየ የኔትወርክ ቀዳዳ ቢኖረውም፣ የተለመደው ቅንብር ኤሌክትሪክ ሲገባ ያ ቀዳዳ ገመድ ከሌለው ቢኤምሲውን ወደ ሰርቨሩ የመጀመሪያ ኔትወርክ ፖርት ያሻግረዋል። ገመድ ስላልሰካሁበት ተዘግቷል ብሎ የሚያስብ ሰው ሰርቨሩን ለኢንተርኔት ሲያገናኝ ቢኤምሲውንም አብሮ ሊያወጣው ይችላል። ሰርቨሩ ላይ ሆነው ይጠይቁት፦

```
sudo ipmitool raw 0x30 0x70 0x0c 0
```

`00` ካለ በተለየው ቀዳዳ ብቻ ነው፣ `01` ካለ ተጋርቷል፣ `02` ካለ ደግሞ እንደ ሁኔታው ይሻገራል። ይህንን ሳላይ ሱፐርማይክሮን ከሬኩ ውስጥ አላስገባም።

ፈርምዌሩ ሲታደስ

በአይሎ 4 ከ2.53 ስሪት በፊት CVE-2017-12542 የተባለ የደኅንነት ክፍተት ነበር፤ አጥቂን ያለ ይለፍ ቃል ያስገባል። ማዘመን ይበቃል እንዳይባል፣ አምንፓርዳዝ የተባለ የኢራን ኩባንያ በታኅሣሥ ወር 2021 አይሎብሊድ የተባለ ሰርጎ ገብ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ይህ ፕሮግራም አይሎው ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱ ፈርምዌር ሲያድስ ዝማኔውን ያግዳል፣ በስክሪኑ ላይ ግን እንደተሳካ ያሳያል። ካጋለጡት ምልክቶች አንዱ የመግቢያ ገጹ መልክ ከተጻፈው ስሪት ጋር አለመመሳሰሉ ነበር። በ10ኛው ትውልድ የመጣው አይሎ 5 ፈርምዌሩን ከመነሣቱ በፊት በቺፑ ውስጥ በተቀረጸ ማረጋገጫ ይፈትሻል። ለእኔ አይሎ 4 ካለው 9ኛው ወደ 10ኛው ትውልድ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በአይድራክ 9 ዝማኔው ከዴል ድረ ገጽ ይወርዳል፣ በራስ ሰር እንዲታደስ ግን ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። በሱፐርማይክሮ የቢኤምሲው ፈርምዌር ያለ ፈቃድ ይታደሳል፤ ባዮሱን በቢኤምሲው በኩል ለማደስ ግን ለብዙ ቦርዶች ተጨማሪ ፈቃድ ይጠየቃል። ሲያወዳድሩ ይህንን ከዋጋው ጋር ይደምሩት።

ከሦስቱ ውጪ፣ ኤኤምአይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ሜጋራክ የተባለ የቢኤምሲ ፈርምዌር የሚጠቀሙ እንደ አስሮክ ራክ ያሉ ርካሽ ቦርዶች አሉ። በእነሱ ላይ ጥገናው መጀመሪያ ከኤኤምአይ ይወጣል፣ ከዚያ ቦርድ አምራቹ ለየሞዴሉ አዘጋጅቶ እስኪያወጣ ይጠበቃል። በሜጋራክ የተገኘው CVE-2024-54085 የተባለ የደኅንነት ክፍተት በመጋቢት 2025 ይፋ ሆኖ፣ በሰኔ 2025 የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ነው ብሎ መዘገበው። እንዲህ ያለ ቦርድ ከፈለጉ ከመግዛትዎ በፊት በአምራቹ ገጽ የእርስዎን ሞዴል ፈልገው የመጨረሻው የቢኤምሲ ፈርምዌር የወጣበትን ቀን ይመልከቱ፤ ከመጋቢት 2025 የቀደመ ከሆነ ይተዉት።

ዋጋቸው ተቀራርቦ ከቀረቡልኝ የምወስደው አይሎ 5 ወይም አይድራክ 9 ያለውን ነው። ሱፐርማይክሮ በዋጋ ብዙ ከቀነሰና ከ2020 ወዲህ የተመረተ ከሆነ፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ፍተሻዎች ካለፈ እገዛዋለሁ። አይሎ 4 የምገዛው ቢኤምሲው ወደ ሌላ መስመር በማይወጣ ለብቻው በተከለለ ኔትወርክ ላይ ለሚቀመጥ ሰርቨር ብቻ ነው።