አፑን አጠፋሁት፤ ፎቶዎቼ ግን እዚያው ናቸው

ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ደህና ፎቶ ፈልጌ ነበር። አንድ የኤአይ አፕ «15 ሰልፊ ጫን፣ ስቱዲዮ ገብተህ የተነሳህ አስመስዬ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ከፍዬ ጫንኩ። የወጣው ሰውዬ እኔን ሳይሆን የአጎቴን ልጅ ይመስላል። ተናድጄ አፑን ከስልኬ አጠፋሁና ተገላገልኩ አልኩ።

አልተገላገልኩም። አፕ ማጥፋት አካውንት አይዘጋም፤ ፎቶዎቹ ያሉት ደግሞ እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። «እስማማለሁ» ብዬ ያለፍኩትን ውል ዘግይቼ ከፈትኩት። ለካ ፎቶዎቼን ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠቀሙ፣ ለሌላ እንዲያስተላልፉና የኤአይ ሞዴል እንዲያሰለጥኑባቸው ፈቅጃለሁ። ውሉ ረጅም ስለሆነ ሁሉን አንብቡ አልልም፤ እኔም አላነብም። ገጹ ላይ `license`፣ `retain` እና `train` የሚሉትን ቃላት ብቻ ፈልጉ። ጉዱ የሚገኘው እነሱ ዙሪያ ነው።

ፎቶው ቢጠፋ እንኳ በሱ የሰለጠነው ሞዴል ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤቨርአልበም የተባለ የፎቶ ማስቀመጫ ድርጅትን የከሰሰው አካውንታቸውን የዘጉ ሰዎችን ፎቶ አጠፋለሁ ብሎ ሳያጠፋ በመቅረቱ ጭምር ነው። ድርጅቱ ፎቶዎቹን ብቻ ሳይሆን ከተጠቃሚዎች ፎቶ የሠራቸውን የፊት መለያ ሞዴሎችም እንዲያጠፋ ታዘዘ። ይህን ያስደረገው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ያለኝ አንድ ኢሜይል ነው።

ከዚያ የጫንኳቸውን 15 ፎቶዎች አንድ በአንድ እያጎላሁ አየኋቸው። ማድረግ የነበረብኝ ግን ከመጫኔ በፊት ነው። አንዱ ላይ ከጀርባዬ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ አለ፤ ሲጎላ ሙሉ አድራሻዬ ይነበባል። ሌላው ላይ የእህቴ ልጅ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷን ማን አስፈቀዳት? ሦስተኛው ምንም የለበትም ብዬ ነበር። የፎቶውን መረጃ ስከፍት ግን የተነሳሁበት ቦታ በካርታ ቁጥር ተመዝግቧል። ቤቴ ነው።

አሁን ፎቶ ከመጫኔ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ፎቶ ነገ ከማላውቀው ሰው እጅ ቢገባ ምን ያደርግበታል? የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት አይቀየርም። ስለዚህ መታወቂያ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የልጆች ፎቶና እርቃን የሚያሳይ ነገር በጭራሽ አልጭንም። የሌላ ሰው ፊት ካለበት ቆርጬ አወጣለሁ። የቀረውን ስክሪንሾት አንስቼ ስክሪንሾቱን እልካለሁ፤ የዋናውን ፎቶ ቦታ ይዞ አይሄድም። አፑ ፎቶዎቼን ለማየት ፈቃድ ሲጠይቀኝ ደግሞ «የተመረጡትን ብቻ» የሚለውን እነካለሁ። ድመቴን ግን እንደፈለጉ ያሰልጥኑባት።

አካውንቱን ሙሉ በሙሉ እንዲሰርዙልኝ፣ ፎቶዎቼንም ከማሰልጠኛው እንዲያወጡልኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ያገኘሁት መልስ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል ነው። እሱንም ስክሪንሾት አድርጌ አስቀምጫለሁ።