የፎቶ ጽሑፍ ትርጉምን ለማረጋገጥ፦ መልሶ መተርጎም ወይስ ሁለተኛ አንባቢ?

በስልክ ፎቶ የተነሣ የዓረብኛ የመድኃኒት መለያ ወደ አማርኛ ሲተረጎም፣ ማሽኑ በመጀመሪያ ፊደሉን ከምስሉ ያነባል፤ ከዚያም ያነበበውን ይተረጉማል። ስሕተት በሁለቱም ደረጃ ይገባል።

መልሶ መተርጎም፦ አማርኛውን ወደ ዓረብኛ መልሶ ስልኩ ካነበበው ጽሑፍ ጋር ማስተያየት ነው። ወጪ የለውም፤ በትርጉሙ የተዘለለ መስመርን ያጋልጣል። ሆኖም በምሥራቁ የዓረብኛ አኃዝ 2 እና 3፣ ማለትም ٢ እና ٣፣ የሚለያዩት በአንዲት ጥርስ ስለሆነ፣ በደብዛዛ ፎቶ «በቀን 3 ጊዜ» የሚለው «በቀን 2 ጊዜ» ተብሎ ከተነበበ፣ መልሶ ትርጉሙም ያንኑ 2 ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ጽሑፎች መስማማታቸውም ስሕተቱን ይሸፍነዋል።

ሁለተኛ አንባቢ፦ ዓረብኛ የሚያነብ ሌላ ሰው እንዲያየው ማድረግ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ የሕመም ምስጢርንም ለሌላ ሰው ይገልጣል። ጥቅሙ የሚገኘው አንባቢው ዋናውን ፎቶ ሲያይና ትርጉሙን ከማየቱ በፊት መጠኑን ራሱ ሲያነብ ነው። ዓረብኛ መናገር ብቻ አይበቃም፤ በሥራ ቋንቋውን የለመዱ ብዙዎች ጽሑፉን አያነቡም።

የሱቅ ማስታወቂያን ለመሰለ ጽሑፍ መልሶ መተርጎም ይበቃል። መጠን፣ ቀን ወይም የውል ግዴታ ካለበት አንባቢ ያስፈልጋል፤ እስኪገኝ ግን ቁጥሩ እንዳልተረጋገጠ ተቆጥሮ መድኃኒት ቤት ይጠየቅ።