የወፍጮ ዲናሞን ለመብራት፦ ክረምትና በጋ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ለመብራት የምጠቀምበት ዲናሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሦስት ኪሎዋት እየሰጠ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቅሬታ የለኝም፤ ነገር ግን አንድ የፈረስ ጉልበት ያላት የበርበሬ መፍጫ ሶኬት ላይ ስትሰካ አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ወዲያውም መስመሩ ሁሉ ይጨልማል። የሚያበሳጨው ደግሞ ተርባይኑ አለመቆሙ ነው። ወንዙ ዳር ጩኸቱ ከቀድሞው በላይ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ግን ዜሮ ነው። ሰሞኑን ይኸው ነገር ስለተደጋገመ፣ ከመግዛቴ በፊት ማንም ሻጭ ያልነገረኝን ነገር በዝርዝር ልጻፈው።

ዕቃው ለመብራት ተብሎ የተሠራ ጄኔሬተር አይደለም። ተራ የሦስት ፌዝ ሞተር ነው፤ የወፍጮ ቤቶች ዲናሞ የምንለው። ሰሌዳው ላይ 4 ኪሎዋት፣ 220/380 ቮልት፣ 1430 ዙር በደቂቃ ይላል። የተከልኩት በቦንጋ አካባቢ ባለ አንድ ጅረት ላይ ነው። ውሃው ከ12 ሜትር ከፍታ በቧንቧ ይወርዳል፤ መጠኑ በሰከንድ 50 ሊትር ያህል ነው። ክሮስፍሎ ተርባይኑ በደቂቃ ወደ 690 ዙር ይዞራል፤ በፑሌጃና በቺንጋ ከሁለት እጥፍ በላይ ተባዝቶ ዲናሞውን ወደ 1550 ያደርሰዋል። የውሃው ሙሉ ጉልበት ስድስት ኪሎዋት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በተርባይኑ፣ በቺንጋውና በዲናሞው ከሚባክነው የተረፈው ሦስት ኪሎዋት ለቤቶቹ ይደርሳል።

የ1550ው ምክንያት ይህ ነው። ባለ አራት ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ መብራት ሲሠራ በውስጡ ያለው የማግኔት መስክ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። የሞተሩ ዘንግ ከዚህ መስክ ወደ ኋላ እየቀረ 1430 ላይ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ውሃ ገፍቶ ከመስኩ ሲያስቀድመው ደግሞ ያንኑ ኤሌክትሪክ መልሶ ይሰጣል። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነው፤ በሙሉ ጭነት ሰባ ዙር ያህል ወደ ታች፣ ሰባ ዙር ያህል ወደ ላይ። ከዋናው መስመር ጋር የተገናኘ ሰው 1500ውን ከመስመሩ ያገኘዋል። እኔ ዘንድ ግን ዋና መስመር የለም፤ መስኩን የሚፈጥረው ዲናሞው ራሱ ነው፤ የሚደግፉትም ከጎኑ የታሰሩት ካፓሲተሮች ናቸው። መብራት የሚጠፋብኝ እዚህ ላይ ነው።

ሞተር ሁለት ዓይነት ጉልበት ይፈልጋል። አንዱ ሥራ የሚሠራው ነው፣ እሱን ከውሃው ያገኛል። ሌላው ማግኔቱን የሚያቆመው ነው፤ ባለሙያዎቹ ሪአክቲቭ ይሉታል፤ ውሃው ይህንን ሊሰጥ አይችልም። የኔው ዲናሞ በሰሌዳው መሠረት በ380 ቮልት 8.5 አምፔር ይስባል፤ ኮሳይኑም፣ ማለትም ከሚስበው ውስጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ፣ 0.82 ነው። የማግኔቱ ጉልበት የሚለካው በቫር ነው፤ ሲሰላ ለማግኔቱ ብቻ 3.2 ኪሎቫር ያስፈልገዋል፤ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጥቅል 1070 ቫር ይደርሳል። አንድ ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ 15 ቫር ያህል ስለሚሰጥ ለአንድ ጥቅል 70 ማይክሮፋራድ ይበቃል ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት በመሆኑ የዲናሞውን ሦስት ጥቅሎች በዴልታ፣ ማለትም ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን አስሬ፣ ጭነቱ ባለበት ጥቅል ላይ አንድ 70፣ በሚቀጥለው ላይ ሁለት 70 አድርጌያለሁ፤ ሦስተኛው ባዶውን ነው። ሁለቱ የሚታሰሩበት ጎን ከዲናሞው መዞሪያ አቅጣጫ ጋር ካልተስማማ አንደኛው ጥቅል ከሌሎቹ በላይ ይግላል፤ ስለዚህ ጭነት ከተሰጠው በኋላ የሦስቱንም ጥቅሎች አምፔር መለካት ግዴታ ነው።

እንግዲህ መፍጫዋ ስትሰካ ምን እንደሚሆን እንይ። ቆሞ የሚነሳ ሞተር ለጥቂት ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የማግኔት ጉልበት ነው። ካፓሲተሮቹ ያላቸው የተወሰነ ነው፣ መጨመር አይችሉም። ስለዚህ መፍጫዋ ከዲናሞው ማግኔት ላይ ትቀማለች፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ የካፓሲተሩ አቅም አብሮ ይወርዳል፣ ያውም በቮልቴጁ ስኩዌር። 220 ወደ 180 ሲወርድ ካፓሲተሮቹ አቅማቸውን በሲሶ ያህል ያጣሉ፤ ማግኔቱ ይበልጥ ይደክማል፤ ቮልቴጁ ይበልጥ ይወርዳል። ከዚያ መመለስ የለም። ቤቶቹ ያልተጠቀሙበትን ትርፍ ኃይል አንድ ተቆጣጣሪ ወደ ውሃ ማሞቂያ ይልከዋል፤ ይህ ትርፍ ግን መብራቱን ከመጥፋት አያድንም። ተቆጣጣሪው ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ኪሎዋት መቀነስ ይችላል፣ የማግኔት ጉልበት ግን ከየትም አያመጣም። ብዙ ሰው «ገና አንድ ኪሎዋት ትርፍ እያለህ ለምን ጠፋ?» የሚለኝ ይህን ስለማያውቅ ነው።

አደጋው ያለው ከጠፋ በኋላ ነው፤ እባካችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ጭነቱ የጠፋበት ተርባይን ይሮጣል፤ ፍጥነቱ ከልማዱ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ቸኩሎ መፍጫዋን ከሶኬት ከነቀላት ማግኔቱ በሩጫው ላይ እንዳለ በድንገት ይነሳል፤ ቮልቴጁ 300ን ሊሻገር፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ሊያቃጥል ይችላል። የእኛ ቤት ሕግ የተለየ ነው። የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ውሃውን ይዘጋል፣ ተርባይኑ ሲረጋ ብሬከሩን ያወርዳል፣ ከዚያ ጭነት ሳይኖር ውሃውን ቀስ ብሎ ይከፍታል። «ጋሼ፣ 220 ሞላ» ሲለኝ ብቻ ብሬከሩን እንመልሳለን። ካፓሲተሮቹም ያለማቋረጥ ለመሥራት የተሠሩ፣ 450 ቮልት ኤሲ የሚችሉ መሆን አለባቸው። መርካቶ ውስጥ ርካሽ ተብለው የሚቀርቡት የሞተር ማስነሻ ካፓሲተሮች ለሰከንዶች ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከተተዉ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ በዚሁ ክፉ ጠባዩ ምክንያት እንዴት እንደምወደው ልናገር። በክረምቱ የዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ ሁለቱን ሽቦ አገናኘ። ከፍ ያለ ሾርት ነበር። ዲናሞው ግን ምንም አልሆነም፤ ቮልቴጁ ስለወደቀ ማግኔቱ ጠፋ፣ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክም አብሮ ቆመ። ሽቦው ላይ ምልክት፣ ጥቅሉ ላይ የመቃጠል ሽታ አልነበረም። መፍጫዋን እንቢ የሚለው ባሕርይ ከሾርት ያዳነው ያው ባሕርይ ነው።

ቅርንጫፉ ከተነሳ በኋላ ግን ዲናሞው አልነሳ አለ። ዘንጉ በልኩ ይዞራል፣ ቴስተሩ ምንም አያነብም። ጤነኛ ዲናሞ ካፓሲተሩ ተነቅሎ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ከብረቱ በቀረ ማግኔት ብቻ ጥቂት ቮልት ያሳያል፤ ማግኔቱ ሙሉ ለሙሉ ከጠፋ ግን ዜሮ ነው፣ ካፓሲተሩም ከዜሮ የሚያሳድገው ነገር የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሃው ይዘጋል፣ ካፓሲተሮቹ ተነቅለው በረዚስተር ይራገፋሉ፤ ከቆሙ በኋላም ሰው ሊመቱ ስለሚችሉ ይህ አይታለፍም። ከዚያ የመኪና ባትሪ፣ 12 ቮልት፣ በአንዱ ጥቅል ጫፎች ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይነካል። ካፓሲተሮቹ ሲመለሱና ውሃው ሲከፈት ቴስተሩ ከሁለትና ከሦስት ቮልት ተነስቶ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በጥድፊያ 220 ሲሞላ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

አንድ ነጋዴ «ዲናሞ መብራት ይበላል እንጂ አይሰጥም፤ ካርቦን ያለው ጄኔሬተር ግዛ» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ፊቴ ቢቆም እንዲህ እለዋለሁ፦ ያንተ ጄኔሬተር መፍጫዋን ያስነሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ካርቦኑ ሲያልቅ፣ ዳዮዱ ሲቃጠል፣ ቮልቴጅ ማስተካከያው በእርጥበት ሲበላሽ ከዚህ ጫካ ማን ይዞልኝ ይመጣል? የእኔ ዲናሞ ውስጥ የሚዞረው ክፍል ጥቅልም ካርቦንም የለውም፤ ብረትና የአሉሚኒየም ዘንጎች ብቻ ነው። የሚያልቀው ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ደግሞ ቦንጋም ጅማም አለ። ጥቅሉ ቢቃጠል እንኳ የወፍጮ ዲናሞ የሚጠቀልል ባለሙያ በየከተማው አይጠፋም። እርጥበት በሚበዛበት የውሃ ዳር ቤት ይህ ከምንም በላይ ይመዝናል።

ስለዚህ ግዢውን አልጸጸትም፤ ግን ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ብየዳ ማሽን ወይም የእንጨት መጋዝ ማስነሳት የሚፈልግ ሰው የነጋዴውን ምክር ይስማ። የእንጀራ ምጣድም ማግኔት ባይቀማም እስከ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ስለሚበላ ከእኔ ዓይነቱ ውሃ አይሆንም። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ አንድ ፍሪጅ ይችላል፤ ፍሪጁ ሲነሳ መብራቱ ትንሽ ይርገበገባል፣ አይጠፋም። በርበሬውንና እህሉን በተመለከተ ደግሞ ውሃውን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ ወደ መዞር መለወጥ ብክነት ነው። ቀን ቀን ቺንጋውን ከዲናሞው ፑሌጃ አውርደን ወፍጮው ላይ እናደርገዋለን፤ መፍጫዋም የራሷ ትንሽ ፑሌጃ እየተሠራላት ነው። ማታ ሲመሽ ቺንጋው ወደ ዲናሞው ይመለሳል።

ዲናሞ ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች ሰሌዳውን ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ። ለነጠላ ፌዝ መብራት የሚሆናችሁ 220/380 የሚለው ነው፤ 380/660 ከሆነ በዴልታ ታስሮም ከ220 አይገጥምም። ከሰሌዳው ኪሎዋት ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ፣ የቀረው ለቤት የምታገኙት ነው። ሰሌዳው የተፋቀ ዲናሞ ካሳያችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለካፓሲተሩ ሒሳብ የሚሆን ቁጥር ስለማታገኙ ትታችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።